"ከሐምሌ 1 ጀምሮ" ሲባል ከየትኛው ወጪ ጀምሮ ነው? የወጪ ተመላሽ ሰርኩላር አጻጻፍ

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንያት። "ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የወጪ ተመላሽ ጥያቄ የሚስተናገደው በአዲሱ መመሪያ መሠረት ብቻ ይሆናል።" ስትነበብ ጥርት ያለች ናት። ቀን አላት፣ ቆራጥ ናት፣ ማህተም ቢያርፍባት ታምራለች። ሐምሌ ሲገባ ግን ሂሳብ ክፍል በር ላይ ጭቅጭቅ የምታስነሳውም እሷው ናት።

ችግሩ አንድ ወጪ አንድ ቀን ብቻ የሌለው መሆኑ ነው። ጉዞው የተፈቀደበት ቀን አለ። ገንዘቡ ከኪስ የወጣበት ቀን አለ። ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀን አለ። ጥያቄው ሂሳብ ክፍል የገባበት ቀን አለ። ገንዘቡ ለሠራተኛው የተመለሰበት ቀንም ሌላ ነው። ሰርኩላሩ "ከሐምሌ 1 ጀምሮ" ሲል ከእነዚህ የትኛውን እንደያዘ ካልተናገረ፣ ሠራተኛው ለእሱ የሚበጀውን፣ ሂሳብ ክፍሉም ለእሱ የሚቀለውን ይዞ ይቀርባል። ሁለቱም አልዋሹም።

በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መካከለኛ ድርጅት አለ እንበል። እስካሁን ለሥራ ጉዞ የሆቴል ወጪን ሠራተኛው ባመጣው ደረሰኝ ልክ ይከፍል ነበር። አሁን ለክልል ከተሞች በአዳር 1,200 ብር ጣሪያ ሊያስቀምጥ ነው። አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ ሰኔ 27 ሐዋሳ ሄዳ ሐምሌ 4 ተመለሰች። ያረፈችው በአዳር 1,500 ብር በሚያስከፍል ሆቴል ነው። ሰባት ሌሊት፣ ጠቅላላ 10,500 ብር። ሆቴሉ እንደተለመደው አንድ ደረሰኝ ብቻ ቆረጠላት፣ ያውም በወጣችበት ቀን፣ ሐምሌ 4። ሂሳቧን ያስገባችው ሐምሌ 8 ነው።

ምን ያህል ይመለስላት? ሰርኩላሩ እንደተጻፈው ቃል በቃል ከሄድን የሚታየው "ጥያቄው" ነው። ጥያቄው የቀረበው ከሐምሌ 1 በኋላ ስለሆነ ሰባቱም ሌሊት በ1,200 ይሰላሉ፤ 8,400 ብር። የደረሰኙን ቀን ብንይዝም ያው ነው። እያንዳንዱን ሌሊት ለየብቻ ብናይ ደግሞ የሰኔዎቹ አራት ሌሊቶች በድሮው ተመን 6,000 ብር፣ የሐምሌዎቹ ሦስት ሌሊቶች በአዲሱ 3,600 ብር ይሆናሉ፤ ድምሩ 9,600። ጉዞው የተጀመረበትን ቀን ከያዝን ሙሉው 10,500 ብር ይመለሳል። አንድ ሰርኩላር፣ አንድ ደረሰኝ፣ ሦስት መልስ። በትልቁና በትንሹ መሃል ያለው 2,100 ብር ከሠራተኛዋ ኪስ የሚወጣ ነው። እሷ ደግሞ ሆቴሉን ስትይዝ የሚሠራው የድሮው ደንብ ነበር።

የትኛው ይሻላል? በእኔ ግምት ለጉዞ የሚሻለው ጉዞው የተጀመረበት ቀን ነው። ሰውየው ጉዞ ሲፈቀድለት የሚያውቀውን ደንብ ይዞ ነው የወጣው። ሌሊቶቹን ለየብቻ እየቆጠሩ መክፈል ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን አንዱን ደረሰኝ ለሁለት መከፋፈል ይጠይቃል፤ ከዓመት በኋላ ኦዲተሩ መጥቶ 10,500 የሚል ደረሰኝ ላይ 9,600 ተከፍሎ ሲያይ እንደገና ማስረዳት ነው። ለዕቃ ግዢ ግን ጉዞ የሚባል ነገር ስለሌለ የደረሰኙ ቀን ይበቃል። ዕቃና ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ አብረው ነው የሚመጡት።

የጉዞ መነሻን መያዝ አንዲት ቀዳዳ አላት። ሰኔ 30 ማታ ተነስቶ ወር ሙሉ ክልል የሚቆይ ሰው ሙሉውን ወር በድሮው ደንብ ሊያስከፍል ነው። ስለዚህ ማብቂያ ይቀመጥላታል። "ከሐምሌ 1 በፊት የተጀመረ ጉዞ እስከ ሐምሌ 15 ድረስ በቀድሞው ይሰላል፤ ከሐምሌ 16 ጀምሮ ያለው አዳር በአዲሱ።" ረጅም ጉዞ ያለው ሰውም ሆቴል ለመቀየር ሁለት ሳምንት አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛ ቀንም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰርኩላሮች የሚረሱት ይህንን ነው። የድሮዎቹ ወጪዎች እስከ መቼ ይቀርባሉ? የበጀት ዓመታቸው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሆኑ ድርጅቶች ሐምሌ ላይ መዝገብ ይዘጋሉ። የግንቦት የታክሲ ወጪ መስከረም ላይ ከመሳቢያ ተመዝዞ ቢመጣ፣ ሂሳብ ክፍሉ በተዘጋ ዓመት ላይ ያለ ወጪ ይዞ ይቸገራል። ስለዚህ "ከሐምሌ 1 በፊት የወጣ ወጪ እስከ ሐምሌ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ካልቀረበ አይስተናገድም" ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። በዚያ ቀን ጉዞ ላይ ያለ ሰውስ? "ጉዞ ላይ ያለ ከተመለሰ በኋላ ባሉት 5 የሥራ ቀናት" የሚል ግማሽ መስመር ይጨመር።

ስለ ቀን ካነሳን አይቀር የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝም ሆነ የቴሌብር መልእክቱ የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን ነው። ሰርኩላሩ ግን ሐምሌ 1 ይላል። ደረሰኙ ላይ 07/07/2026 የሚል ካለ ያ ሰኔ 30 ነው፤ የድሮው ደንብ ይገዛዋል። 08/07/2026 ከሆነ ሐምሌ 1 ነው። ይህንን እያንዳንዱ ሠራተኛ በጣቱ እየቆጠረ እንዲደርስበት መተው ስህተት መጋበዝ ነው። ስለዚህ ቀኑ በሁለቱም ይጻፍ፣ የወሩም ስም በፊደል ይሁን፦ "ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2026)"። በቁጥር ብቻ 08/07 ብሎ መጻፍ ኦገስት 7 አድርገው የሚያነቡ ሰዎች ስላሉ አያዋጣም።

"ይህ ሰርኩላር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል" የምትለዋ ሐረግስ? ለወጪ ጉዳይ ባትገባ ይሻላል። ሰርኩላሩ ሰኞ ይፈረማል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማክሰኞ ይለጠፋል፤ ጋምቤላ ያለው ቅርንጫፍ ቴሌግራም ላይ ሐሙስ ያየዋል። በእነዚያ ቀናት መሃል ገንዘቡን ያወጣ ሰው ባላወቀው ደንብ ሊጠየቅ ነው። በፊርማውና በሥራ ላይ በሚውልበት ቀን መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቢኖር፣ የተያዙ ሆቴሎችም የተፈቀዱ ጉዞዎችም መልክ ይይዛሉ። ቅርንጫፎች "ደርሶናል" ብለው ፈርመው ግልባጩን ቢመልሱ ደግሞ በኋላ "እኔ አላየሁም" የሚለው ክርክር ያጥራል።

ከመፈረሙ በፊት አንድ የሕግ ነገር መታየት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ላይ ውሎ አበልንና የመጓጓዣ አበልን ከደመወዝ አይቆጥራቸውም። ይህ ግን አሠሪው በሰርኩላር እንዳሻው ይቆርጣቸዋል ማለት አይደለም። ድርጅቱ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የኅብረት ስምምነት ካለው፣ በዚያም ውስጥ የአዳር ክፍያ ተጽፎ ከሆነ፣ ሰርኩላር ያንን ዝቅ ማድረግ አይችልም። መጀመሪያ ስምምነቱ ነው የሚሻሻለው። ስለዚህ አርቃቂው ሰርኩላሩን ከመጀመሩ በፊት የኅብረት ስምምነቱንና የፋይናንስ ማኑዋሉን ጠረጴዛ ላይ ያውጣ። ሰርኩላሩም የትኛውን የማኑዋል አንቀጽ እንደሚተካ በቁጥር ይጥራ። "ከዚህ ጋር የሚቃረን ማንኛውም አሠራር ተሽሯል" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ምን እንደተሻረ ጸሐፊውም አንባቢውም አያውቁትም።

ውሎ አበልን በተመለከተ ደግሞ አንድ መስመር ግዴታ ነው። ውሎ አበል በቀን ተቆርጦ የሚሰጥ ነው፤ ለምሳው ደረሰኝ አይጠየቅም። የወጪ ተመላሽ ግን ሰውየው ያወጣውን በማስረጃ መመለስ ነው። ሰርኩላሩ የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ ከሆነ "ይህ ሰርኩላር የውሎ አበል ተመንን አይመለከትም" ይበል። ካላለ በማግስቱ ግቢው ሙሉ "ውሎ አበል ቀረ" ይላል።

አሁን ወደ ማስረጃዎቹ እንግባ። ብዙ ሰርኩላር "ሕጋዊ ደረሰኝና አስፈላጊ ሰነዶች ተያይዘው መቅረብ አለባቸው" ይልና ያበቃል። አስፈላጊ የትኛው ነው? ነገሩን ለሠራተኛው የሚያቀልለት እያንዳንዱ ወረቀት ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ መንገር ነው። ሂሳብ ክፍሉ ማወቅ የሚፈልገው፣ ምን ተገዛ፣ ገንዘቡ እውነት ወጣ ወይ፣ ለሥራ ነው ወይ የሚለውን ነው። ደረሰኙ የመጀመሪያውን ይመልሳል። የክፍያ መልእክቱ ሁለተኛውን። የጉዞ ፈቃዱ ወይም የግዢ ጥያቄው ሦስተኛውን። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

በጣም የሚያከራክረው የቴሌብር መልእክት ነው። ሠራተኛው 640 ብር ለፎቶ ኮፒና ጥረዛ ከፍሏል። ስልኩን አውጥቶ ያሳያል፤ ብሩ ሄዷል፣ የግብይት ቁጥር አለው፣ የተቀባዩ ስም አለ። "ይኸው፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?" ይላል። እውነቱን ነው፣ ብር ወጥቷል። ግን መልእክቱ 640 ብር ለአንድ ሰው እንደተላከ እንጂ ለፎቶ ኮፒ መሆኑን አይናገርም። ለጓደኛ ብድር መመለሻም ያው መልእክት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰርኩላሩ እንዲህ ቢል ክርክሩ ያልቃል፦ "የባንክ ወይም የሞባይል ክፍያ ማረጋገጫ ከደረሰኝ ጋር ተያይዞ ይቀርባል፤ ደረሰኝን አይተካም።"

ቀጥሎ ቲን ቁጥር ነው። ሠራተኛው ሱቅ ገብቶ ለቢሮ የፕሪንተር ቶነር በ4,600 ብር ገዛ። ይህ ዋጋ 15 በመቶ ቫት ያካተተ ነው፤ 4,000 ብር የዕቃው፣ 600 ብር የቫቱ። ድርጅቱ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ይህንን 600 ብር ከሚከፍለው ቫት ላይ ሊያቀናንሰው ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ደረሰኙ ላይ የገዢው ስምና ቲን የድርጅቱ ሲሆን ነው። ባዶ ከሆነ ወይም በሠራተኛው ስም ከወጣ 600 ብሩ ቀለጠ። ሠራተኛው ይህንን አያውቅም፤ ለእሱ ደረሰኝ ደረሰኝ ነው። ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ደግሞ በኋላ በእስክሪብቶ አይታረምም። ስለዚህ ካሸሯ ቁልፉን ከመጫኗ በፊት "በድርጅቱ ቲን አድርጊልኝ" ማለት አለበት። ቁጥሩን በቃሉ እንዲይዝ መጠበቅ ግን ከባድ ነው። ሰርኩላሩ ራሱ የድርጅቱን ሙሉ ሕጋዊ ስምና ቲን በጉልህ ይያዝ። በትንሽ ካርድ አትሞ ለሾፌሮችና ለግዢ ሠራተኞች ማደልም ብዙ አያስወጣም።

የቫት ተመዝጋቢ ካልሆነ ሱቅ የተገዛስ? ያኔ ቫት የለም፣ ግን ደረሰኝ ሊኖር ይችላል። ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ ያለበት ሻጭ የታተመ የደረሰኝ ጥራዝ ሊኖረው ይችላል። የሻጩ ስም፣ ቲን፣ ቀን፣ የዕቃው ዝርዝርና መጠን እስካለው ድረስ መቀበል ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንድ ወጪ ከግብር ስሌት ላይ እንዲቀነስ ለሥራው የዋለ መሆኑን ይጠይቃል። ማስረጃ ከሌለው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ወጪውን ውድቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ድርጅቱ ገንዘቡን ለሠራተኛው መልሶ፣ በዚያው ገንዘብ ላይ ግብር ሊከፍል ነው። "ደረሰኝ አምጣ" የሚለው የሂሳብ ክፍል ንዝንዝ መነሻው ይህ ነው። ምክንያቱ ሰርኩላሩ ላይ በአንድ መስመር ቢጠቀስ ሰዉ ሂሳብ ሠራተኛዋን በክፉ ዓይን አያያትም።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚታተመው ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ነው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል፤ ሳይነካ ቢቀመጥም ከወራት በኋላ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በላዩ ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ኦዲተር ሲመጣ ነጭ ወረቀት ማሳየት ነው። ስለዚህ "ዋናው ደረሰኝ ከፎቶ ኮፒው ጋር" ብሎ መጠየቅ ቢሮክራሲ አይደለም። ሠራተኛው በተቀበለበት ቀን በስልኩ ፎቶ ቢያነሳው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

ወደ ልዩ ሁኔታዎች ስንመጣ አንድ የተለመደ ሐረግ አለ። "በልዩ ሁኔታ በማኔጅመንቱ ሲፈቀድ ከዚህ ውጪ ሊስተናገድ ይችላል።" ይህች ሐረግ ከገባች ደንቡ የለም ማለት ይቻላል። ማኔጅመንቱ ማን ነው? ከወጪው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚፈቅደው? እስከ ስንት ብር? በቃል ነው በጽሑፍ? እነዚህ ካልተመለሱ ሥራ አስኪያጁን በስም የሚያውቅ ያልፋል፣ የማያውቅ ይቀራል።

በተግባር የሚያጋጥሙት ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው ደረሰኝ የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለበት ወጪ ነው። ሚኒባስ ታክሲ፣ ባጃጅ፣ ዕቃ ያወረዱ ወዛደሮች፣ ገጠር ገበያ ላይ የተገዛ ገመድ። ረዳቱን ደረሰኝ ቁረጥልኝ ብትለው ይስቅብሃል። እዚህ ላይ ደረሰኝ አምጡ ማለት ሠራተኛውን ወደ ውሸት መግፋት ነው፤ ከሌላ ሱቅ የሌላ ዕቃ ደረሰኝ ለምኖ ይመጣል። የሚሻለው ራሱ ሠራተኛው የሚሞላው የወጪ ማሳወቂያ ቅጽ ነው። ከየት ወደ የት፣ ለምን ጉዳይ፣ ስንት ብር፣ ፊርማ፣ የቅርብ አለቃ ፊርማ። ለወዛደሮች ከሆነ የተቀባዩ ስም፣ ስልክና ፊርማም ይጨመር። ጣሪያም ይኑረው፤ ለምሳሌ በቀን 300 ብር። ከዚያ በላይ ከሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈቀድ።

ሁለተኛው ደረሰኙ የነበረ ግን የጠፋ ነው። መጀመሪያ ወደ ሻጩ ይኬድ። በጥራዝ የሚቆርጥ ሻጭ ቀሪው እጁ ላይ አለ፤ የዚያን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማህተሙን ቢያሳርፍበት ይበቃል። ይህም ካልሆነ የሠራተኛው የጽሑፍ መግለጫ ከክፍያ ማረጋገጫው ጋር ይቅረብ። እዚህ ላይ ግን ቁጥር ያስፈልጋል። "በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ" ቢባል በእውነት የጠፋበት አይጎዳም፤ ሁልጊዜ የሚጠፋበት ይለያል።

ሦስተኛው ከጣሪያ በላይ የሆነው ነው። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር በ1,200 ብር አልጋ ፍለጋ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ደንቡ ራሱ መውጫ ይስጥ፦ ሠራተኛው አልጋውን ከመያዙ በፊት ለቅርብ ኃላፊው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ዋጋውን አሳውቆ "ይሁን" የሚል መልስ ካገኘ፣ እስከ 2,000 ብር ይከፈለዋል። የተጻፈው መልስ ታትሞ ከደረሰኙ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በላይ ለሆነው የሚፈርመው ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው። መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሾፌሩ ሌሊት ጎማ ሲገዛስ? ያኔ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ አሳውቆ በኋላ ማስፈቀድ ይችላል፤ ይህም "ሕይወትን ወይም ንብረትን ለአደጋ በሚያጋልጥ ድንገተኛ ሁኔታ" ተብሎ ይወሰን።

ትልልቅ ግዢዎች ግን በልዩ ሁኔታ ውስጥ ጭራሽ ባይገቡ ነው የምመርጠው። ድርጅቱ በሕግ ቅድመ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበትን ግዢ ሠራተኛው ከኪሱ ሙሉውን ከፍሎ ከመጣ፣ ማስቀረቱ አልተፈጸመም። ሻጩን ተመልሶ መለመን ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ የቅድመ ግብር መነሻ ላይ የደረሰ ግዢ በግዢ ክፍል በኩል ብቻ ይሁን።

አንድ የቀረ አለ፣ ቅድሚያ ክፍያ። ሠራተኛው 8,000 ብር ወስዶ ጉዞ ሄደ፤ ማወራረዱን ረሳው። ሰርኩላሮች እዚህ ላይ ቶሎ ብለው "ካልተወራረደ ከደመወዝ ይቆረጣል" ይላሉ። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ግን ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። 9,000 ብር ደመወዝተኛ ላይ 8,000ውን ባንድ ወር መቁረጥ አይቻልም፤ በወር እስከ 3,000 ነው። ቀላሉ መንገድ ሠራተኛው ቅድሚያ ክፍያውን ሲወስድ በሚፈርምበት ቅጽ ላይ የስምምነት መስመር ማስገባት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ገጽ ተኩል ላይ ማስፈር ይቻላል። ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

ቁጥር፦ ________
ቀን፦ ሰኔ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ ሁሉም የሥራ ክፍሎችና ቅርንጫፎች
ጉዳዩ፦ አዲስ የወጪ ተመላሽ አሠራርን ስለማሳወቅ

ሠራተኞች ለድርጅቱ ሥራ ከኪሳቸው ያወጡት ገንዘብ የሚመለስበት አሠራር ከዚህ በታች በተገለጸው መሠረት ተሻሽሏል። ይህ ሰርኩላር የፋይናንስ ማኑዋሉን አንቀጽ ____ ይተካል። የውሎ አበል ተመንን አይመለከትም።

ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን፦ ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2026)። ለጉዞ ወጪ የሚታየው ጉዞው የተጀመረበት ቀን ነው። ለዕቃና አገልግሎት ግዢ የሚታየው በደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ነው። ከሐምሌ 1 በፊት የተጀመረ ጉዞ እስከ ሐምሌ 15 ባለው አዳር በቀድሞው አሠራር ይሰላል። ከሐምሌ 1 በፊት የወጡ ወጪዎች እስከ ሐምሌ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. መቅረብ አለባቸው፤ ጉዞ ላይ ያለ ሠራተኛ ከተመለሰ በኋላ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ያቀርባል።

የሚያያዙ ማስረጃዎች፦ የተፈቀደ የጉዞ ወይም የግዢ ጥያቄ፤ በድርጅቱ ስምና ቲን (________) የተቆረጠ ዋና ደረሰኝ ከፎቶ ኮፒው ጋር፤ በሞባይል ወይም በባንክ ከተከፈለ የክፍያው ማረጋገጫ። የክፍያ ማረጋገጫ ደረሰኝን አይተካም። ሂሳቡ ወጪው ከወጣበት ወይም ከጉዞ ከተመለሱበት ቀን አንስቶ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይቀርባል።

ልዩ ሁኔታዎች፦ ደረሰኝ የማይሰጥበት ወጪ በቀን እስከ 300 ብር በወጪ ማሳወቂያ ቅጽ ይስተናገዳል። ደረሰኝ ሲጠፋ በሻጩ ማህተም የተረጋገጠ ቅጂ፣ ካልተገኘ የጽሑፍ መግለጫና የክፍያ ማረጋገጫ፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ። በአዳር ከ1,200 ብር በላይ እስከ 2,000 ብር በቅርብ ኃላፊ፣ ከዚያ በላይ በዋና ሥራ አስኪያጁ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ሲፈቀድ። ሕይወትን ወይም ንብረትን ለአደጋ በሚያጋልጥ ድንገተኛ ሁኔታ የወጣ ወጪ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ አሳውቆ ሊፈቀድ ይችላል።

ሂሳብ ክፍል የተሟላ ጥያቄ በደረሰው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፍላል። ያልተሟላውን የጎደለውን በጽሑፍ ገልጾ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመልሳል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ጊዜ የማይጻፉት ናቸው። ሠራተኛው ላይ 10 ቀን ተጥሎ ሂሳብ ክፍሉ ላይ ምንም ካልተጣለ፣ ደረሰኞቹ በጊዜ ይገባሉ፣ ገንዘቡ ግን ወር ይቆያል። ያኔ ሰዉ ከኪሱ ማውጣት ያቆማል፤ ለአምስት መቶ ብር ሥራም ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ቀኑ በሁለቱም ወገን ሲቆጠር ነው ሰርኩላሩ የሚከበረው።

ፈርሞ ከመልቀቅ በፊት ረቂቁን አንድ ሾፌር፣ አንድ የቅርንጫፍ ሠራተኛና አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ጋ መላክ ይጠቅማል፤ ለየብቻቸው። የሐዋሳውን ጉዞ ሰጥተው "ለዚህች ሠራተኛ ስንት ይመለስላታል?" ብለው ይጠይቋቸው። ሦስቱም 10,500 ካሉ ለኅትመት ይሂድ። አንዱ 8,400 ካለ መታረም ያለበት የቀኑ አንቀጽ ነው።